ከጤና ኬላ እስከ ሪፈራል ሆስፒታል፦ ደም ግፊቷ የጨመረ ነፍሰ ጡር በየእርከኑ ምን ሊደረግላት ይገባል?

አንድ የጤና ሥርዓት መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ሕንፃ መቁጠር አያስፈልግም። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች፣ ከወረዳ ከተማ ርቃ የምትኖር እናት ደም ግፊቷ በድንገት ሲጨምር ምን እንደሚገጥማት መከተል ይበቃል። ይህ ሕመም ሁሉንም እርከን ይነካል። ምልክቱ የሚታየው መንደር ውስጥ ነው፤ ሕይወት የሚያተርፈው የመጀመሪያ መድኃኒት የሚሰጠው ጤና ጣቢያ ነው፤ ማዋለጃውና ቀዶ ጥገናው ያለው ሆስፒታል ነው፤ ያለጊዜው የተወለደ ጨቅላ የሚተርፈው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። ከአራቱ አንዱ ሥራውን ካልሠራ የሌሎቹ ድካም ከንቱ ይሆናል።

መመሪያው ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው፤ ነፍሰ ጡር በቤቱ ላለችው ቤተሰብና ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ በቅርቡ ለተመደበ ባለሙያ። የመድኃኒት መጠን የሚጠቀሰው ለባለሙያው ነው፤ ቤተሰብ ማወቅ ያለበት መድኃኒቱ መሰጠቱንና መመዝገቡን ነው።

አስቀድሞ፦ እርከኖቹን ይለዩ

በኢትዮጵያ አደረጃጀት መሠረት የመጀመሪያው እርከን ሦስት ተቋማትን ይይዛል። በየቀበሌው ያለው ጤና ኬላ ከ3 እስከ 5 ሺህ ሕዝብ ያገለግላል። አምስት ያህል ጤና ኬላዎችን የሚደግፈው ጤና ጣቢያ በገጠር ከ15 እስከ 25 ሺህ፣ በከተማ እስከ 40 ሺህ ሕዝብ ይይዛል። ከእነሱ በላይ ከ60 እስከ 100 ሺህ ሕዝብ የሚያገለግለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አለ። ሁለተኛው እርከን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ የሚጠቀምበት አጠቃላይ ሆስፒታል ሲሆን ሦስተኛው ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ የሚያገለግለው፣ በተለምዶ ሪፈራል የምንለው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የጤና ኬላውን ቦታ ቤት ለቤት የሚዞሩ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይሸፍናሉ።

ለዚህ ጉዳይ ከሕዝብ ብዛቱ ይበልጥ ጠቃሚው በየቦታው ምን መሥራት እንደሚቻል ነው። ጤና ጣቢያ የወሊድ ድንገተኛ ችግር ለገጠማት እናት ሰባት ነገሮችን ማድረግ መቻል አለበት፦ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በመርፌ መስጠት፣ ደም መፍሰስን የሚያቆም መድኃኒት መስጠት፣ የሚጥል ምልክትን የሚከላከል መድኃኒት መስጠት፣ ያልወጣን የእንግዴ ልጅ በእጅ ማውጣት፣ በማኅፀን የቀረን ቅሪት ማጽዳት፣ በመሣሪያ ታግዞ ማዋለድና ትንፋሽ ያጠረውን ጨቅላ ማንቃት። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በእነዚህ ላይ ሁለት ይጨምራል፤ በቀዶ ጥገና ማዋለድና ደም መስጠት። ሐኪም በማይበዛባቸው ወረዳዎች ይህን ቀዶ ጥገና የሚሠሩት ለዚሁ ተብለው በሁለተኛ ዲግሪ የሠለጠኑ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው።

ይህ ክፍፍል የመጣው ከአንድ አስተሳሰብ ነው። በ1978 (እ.ኤ.አ.) በአልማ አታ የተሰበሰቡት 134 አገሮች መሠረታዊ የጤና አገልግሎትን ሲደነግጉ ፍትሐዊነትን፣ የማኅበረሰብ ተሳትፎን፣ የልዩ ልዩ ዘርፎችን ቅንጅትና ለአገሬው አቅም የሚመጥን ቴክኖሎጂን መሠረት አድርገው ነበር። ከዚያ ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ1954 (እ.ኤ.አ.) በጎንደር የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ጀምሮ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ቡድኑን ከጤና ጣቢያ አንድ እርምጃ ወደ ታች፣ ወደ ቀበሌው አወረደው። መርሆዎቹን ከዚህ በታች በየቦታቸው እንደ ሥራ እናያቸዋለን።

አንድ፦ ከጤናማው ቀን ይጀምሩ

እርግዝና እንደታወቀ፣ ቢቻል 12 ሳምንት ሳይሞላ፣ ነፍሰ ጡሯ የቅድመ ወሊድ ክትትል መጀመር አለባት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 (እ.ኤ.አ.) የክትትሉን ብዛት ከ4 ወደ 8 ከፍ ያደረገ ሲሆን የተጨመሩት ቀጠሮዎች በአብዛኛው በእርግዝናው መጨረሻ ላይ ናቸው። ምክንያቱም የእርግዝና ደም ግፊት ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚጀምርና በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በፍጥነት የሚባባስ በመሆኑ ነው። አንዲት እናት ዛሬ ጤነኛ ሆና ታይታ ከሦስት ሳምንት በኋላ ልትወድቅ ትችላለች።

የመጀመሪያው ልኬት ለኋለኞቹ መነሻ ስለሆነ ትልቅ ዋጋ አለው። በ10ኛው ሳምንት 100/60 የነበረ ደም ግፊት በ34ኛው ሳምንት 135/85 ቢሆን የበሽታውን ወለል፣ 140/90ን፣ አልነካም፤ ነገር ግን ቀጠሮዋን ለማሳጠር በቂ ምክንያት ነው። መነሻው ከሌለ ይህን ማየት አይቻልም።

አለካኩ ቀላል ይመስላል፤ ግን የሚበላሸው እዚሁ ነው። እናቲቱ ቢያንስ 5 ደቂቃ ተቀምጣ ትረፍ፤ ጀርባዋ ይደገፍ፤ ክንዷ በልቧ ትይዩ ይሁን፤ የመለኪያው ጨርቅ በወፍራም ልብስ ላይ አይጠቅለል። ሽቅብ ወጥታ፣ ላብ በላብ ሆና የገባችን እናት ወዲያው መለካት ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ለቀጭን ክንድ ሰፊ ጨርቅ መጠቀም ደግሞ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጥና የታመመችውን ጤነኛ ያስመስላታል።

ከዚህ የከፋው ሳይለኩ መጻፍ ነው። የጤና ጣቢያ ኃላፊ ወይም የወረዳ ተቆጣጣሪ ከሆኑ የክትትል መዝገቡን ከፍተው የደም ግፊቱን ረድፍ ከላይ እስከ ታች ያንብቡት። 110/70፣ 110/70፣ 120/80፣ 110/70 እየተባለ የሚወርድ ገጽ ከገጠመዎት መለኪያው ተበላሽቷል፤ ወይም ሰው ጠፍቷል፤ አለዚያም መለካቱ ቀርቷል። የብዙ ሰው ደም ግፊት እንዲህ ተመሳሳይ ሊሆን አይችልም። በዚያን ጊዜ ባለሙያውን ከመገሠጽ በፊት መለኪያውን በሌላ መለኪያ ያነጻጽሩ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እዚያው ይገኛል።

ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነገርም አለ። በእያንዳንዱ ቀጠሮ መጨረሻ «ዛሬ ደም ግፊቷ ስንት ነው? ሽንቷስ ታይቷል?» ብሎ ጠይቆ ቁጥሩን በክትትል ካርዱ ላይ ማስጻፍ። ጥያቄው ሲለመድ ልኬቱም ይለመዳል።

ሁለት፦ የመንገዱን ዕቅድ አስቀድመው ይጻፉ

እናቶች የሚሞቱባቸውን መዘግየቶች በሦስት መክፈል በሙያው የተለመደ ነው፤ ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን የሚባክን ጊዜ፣ በመንገድ የሚባክን ጊዜ እና ተቋሙ ከተደረሰ በኋላ ሕክምናው እስኪጀመር የሚባክን ጊዜ። የመጀመሪያውን የሚቆርጠው ቤተሰቡ ነው፤ የሚቆረጠውም ከሕመሙ በፊት ነው።

ሰባተኛው ወር ሳያልቅ ባልና ሚስት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተቀምጠው ጥቂት ነገሮችን ይወስኑ። ባል ገበያ ወይም ሩቅ ማሳ ላይ ቢሆን «ትሂድ» የሚለው ማን ነው? የወረዳው አምቡላንስ ሹፌር ስልክ በማን ቤት ተጽፏል? መኪና እማይገባበት ሰፈር ከሆነ ቃሬዛው የት ነው፣ ተሸካሚዎቹስ እነማን ናቸው? ከብቱንና ትልልቆቹን ልጆች ማን ያያል? ደም መስጠት የሚችሉ ሁለት ዘመዶች እነማን ናቸው? በብዙ ቀበሌ ቃሬዛውንና ተሸካሚውን የሚያዘጋጀው ዕድሩ ነው። የማኅበረሰብ ተሳትፎ የተባለው መርህ በዚህ ጉዳይ እነዚህን ጥያቄዎች በሰው ስም መመለስ ማለት ነው።

ቤቷ ከጤና ጣቢያ በጣም ከራቀ ሌላ አማራጭ አለ። በርካታ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የእናቶች ማቆያ አላቸው፤ እናቲቱ የመውለጃ ጊዜዋ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረው መጥታ ትቆያለች። ማቆያው የሚሠራው ግን ምግብ ሲኖርና አብራት የምትቆይ ሰው ስትፈቀድ ነው። ባዶ ክፍልና አልጋ ብቻ ባለበት ቦታ እናቶች በሦስተኛው ቀን ወደ ልጆቻቸው ይመለሳሉ። አካባቢዎ እንዲህ ያለ ማቆያ ካለው፣ እህል የሚዋጣበትን መንገድ ከቀበሌው ጋር መነጋገር ከብዙ ቅስቀሳ ይሻላል።

ሦስት፦ የአደጋ ምልክት ሲታይ

ቀጥሎ ያለው ጉዞ አሠራሩን ለማሳየት ያቀናበርኩት ነው፤ ሰዓቱና ልኬቱ ግን በየጤና ጣቢያው የሚያጋጥም ዓይነት ነው። ነፍሰ ጡሯ 22 ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ እርግዝናዋ 36ኛ ሳምንቱን ይዟል። በ12ኛው ሳምንት ደም ግፊቷ 100/65 ነበር። ከሁለት ቀን ወዲህ ራሷን ያማታል፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ዓይኗ ብዥ አለ። አማቷ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ሊያሹላት ሲሉ የሴቶች ልማት ቡድን መሪዋ ጎረቤት ሰማችና ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደወለች።

ሊታወቁ የሚገባቸው ምልክቶች ጥቂት ናቸው፦ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን መፍዘዝ ወይም ብልጭ ብልጭ ማለት፣ ከጡት በታች ከሆድ በላይ ያለ ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ። የእግር እብጠት ብቻውን በእርግዝና የተለመደ ነው። ራስ ምታትና የዓይን መፍዘዝ አንድ ላይ ሲመጡ ግን እስከ ነገ መጠበቅ የለም።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለካች፤ 160/105። እዚህ ላይ የእሷ ሥራ ሕመሙን በስሙ መጥራት አይደለም። የሽንት ምርመራና የመርፌ መድኃኒቱ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። ልትሠራ የሚገባት አራት ነገር ነው፤ እናቲቱን በግራ ጎኗ ማስተኛት፣ አምቡላንስ መጥራት፣ ወደ ጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ደውላ ልኬቱንና ምልክቱን መንገር፣ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ቁጥሩንና ሰዓቱን መጻፍ። ጤና ጣቢያው አስቀድሞ ካወቀ አዋላጇ እናቲቱ ሳትደርስ መድኃኒቱን ታዘጋጃለች። የስልክ ጥሪው ብቻውን ግማሽ ሰዓት ያህል ሊቆጥብ ይችላል።

አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ከሆነ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በቁርጥ ይጠይቁ። «አሁን ይመጣል» መልስ አይደለም። ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነ ቃሬዛው ይነሣ፤ መኪናውን መንገድ ላይ ማግኘት ይቻላል።

አራት፦ ጤና ጣቢያ፣ ከመላክ በፊት ማከም

4 ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ ደረሰች። ደም ግፊቷ 170/115፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ሲደገም 165/110 ሆነ። በሽንት መመርመሪያው ወረቀት ላይ ፕሮቲን በሦስት መስቀል ታየ። ደም ግፊት 140/90 ደርሶ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከተገኘ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል፤ 160/110 ሲደርስ ወይም እንደ ራስ ምታትና የዓይን መፍዘዝ ያሉ ምልክቶች ሲታከሉበት ከባድ ነው። እናቲቱ በማንኛውም ደቂቃ ልትንቀጠቀጥ ትችላለች፤ ያኔ ኤክላምፕሲያ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ደንግጦ ወዲያው መላክ ነው። «ሆስፒታል ይታይልን» ተብላ ያለ መድኃኒት አምቡላንስ ላይ የወጣች እናት መንገድ ላይ ተንቀጥቅጣ፣ ምራቋ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ልትሞት ትችላለች። ጤና ጣቢያው የተሠራው ለዚህች ሰዓት ነው።

የመጀመሪያው መድኃኒት ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። መነሻው መጠን 14 ግራም ሲሆን 4 ግራሙ ተበርዞ በደም ሥር በዝግታ፣ ቢያንስ በ5 ደቂቃ፣ 10 ግራሙ ደግሞ በሁለቱም መቀመጫ 5 5 ግራም ተደርጎ በጡንቻ ይሰጣል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ውድ መሣሪያም አይሻም። ለአገር አቅም የሚመጥን ቴክኖሎጂ ለሚለው መርህ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የሚሰጠው ግን በጥንቃቄ ነው። መጠኑ ከበዛ ትንፋሽን ያዘገያል። ስለዚህ ተከታዩ መጠን ከመሰጠቱ በፊት የጉልበት ምላሽ መኖሩ፣ ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 አለማነሱ፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መውጣቱ ይታያል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም ስለሆነ ከማግኒዚየሙ አጠገብ መቀመጥ አለበት። መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት ቁልፉ ከፋርማሲ ባለሙያው ኪስ ያለ ማርከሻ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ደም ግፊቱን ማውረድ ነው፤ ሃይድራላዚን 5 ሚሊ ግራም በደም ሥር በዝግታ፣ ወይም ኒፌዲፒን 10 ሚሊ ግራም በአፍ። ዓላማው ከ160/110 በታች ማድረግ ነው። ወደ 110/70 ለማውረድ መቸኮል ለጽንሱ የሚደርሰውን ደም ይቀንሳል።

ማግኒዚየሙ 4 ሰዓት ከ40 ላይ ተሰጠ። ይህ ሰዓት ከመላ ወረቀቱ እጅግ አስፈላጊው መስመር ነው። ተከታዩ መጠን ከአራት ሰዓት በኋላ፣ ማለትም 8 ሰዓት ከ40 ላይ ነው የሚሰጠው። ሰዓቱ ካልተጻፈ ሆስፒታሉ ሁለት ክፉ ምርጫ ይገጥመዋል፤ እንደገና ከመነሻው ሰጥቶ መጠኑን ማጠፍ፣ ወይም ተሰጥቷል ብሎ ገምቶ መተው። ስለዚህ የሪፈር ወረቀቱ የእርግዝናውን ሳምንት፣ ሁሉንም የደም ግፊት ልኬት ከነሰዓቱ፣ የሽንት ውጤቱን፣ የተሰጠውን መድኃኒት መጠንና ሰዓት፣ የጽንሱን የልብ ምት፣ ተቀባይ ሆስፒታል ላይ ስልክ ያነሣውን ሰው ስምና የላኪውን ፊርማ መያዝ አለበት። ቤተሰብ ወረቀቱን ሲቀበል «የመድኃኒቱ ሰዓት ተጽፏል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ይገባዋልም።

አምስት፦ ወደ የትኛው ሆስፒታል?

ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ባለሙያም ጭምር፣ «ከባድ ሕመም ከሆነ ወደ ትልቁ ሆስፒታል» ብሎ ያስባል። ለዚህ ሕመም መለኪያው የእርግዝናው ዕድሜ ነው።

የፕሪኤክላምፕሲያ ማብቂያው መውለድ ነው። 34 ሳምንት ያለፈው እርግዝና ከሆነና ሕመሙ ከባድ ከሆነ፣ እናቲቱ በ24 ሰዓት ውስጥ መገላገል አለባት፤ ተንቀጥቅጣ ከሆነ በ12 ሰዓት ውስጥ። የዚህች እናት 36ኛ ሳምንት ላይ ስለሆነ የሚያስፈልጋት ምጥ ማስጀመር የሚችል፣ ካልሆነም በቀዶ ጥገና የሚያዋልድና ደም ያለው ተቋም ነው። ያ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይርቃል። አራት ሰዓት ተጉዛ ጎንደር ሪፈራል ሆስፒታል መሄዷ የሚጨምርላት ነገር ትንሽ ነው፤ የሚያስከፍላት ግን ሁለት ሰዓት ተኩል የአደገኛ መንገድ ነው።

እርግዝናው 29 ሳምንት ቢሆን ኖሮ ውሳኔው ሌላ ነበር። ጽንሱ ሳንባው አልደረሰም፤ ሁኔታዋ ከፈቀደ ሐኪሞች እርግዝናውን በቅርብ ክትትል ለጥቂት ቀናት ማቆየት ይፈልጋሉ፤ ከተወለደም ጨቅላው የትንፋሽ ድጋፍና የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይፈልጋል። እነዚህ ባሉበት አጠቃላይ ወይም ሪፈራል ሆስፒታል መወለድ አለበት። ከተወለደ በኋላ ጨቅላውን ማጓጓዝ በእናቱ ማኅፀን ሳለ ከማጓጓዝ እጅግ የከፋ ነው። ሳንባውን የሚያደርሰው ዴክሳሜታዞን ከ34 ሳምንት በታች ላሉ እርግዝናዎች የሚሰጥ ሲሆን የት እንደሚጀመር ከተቀባዩ ሆስፒታል ጋር በስልክ መወሰን ይገባል። በማንኛውም ሳምንት ቢሆን ግን የሽንት መቋረጥ፣ የደም አለመርጋት ወይም ከተንቀጠቀጡ በኋላ አለመንቃት ካለ የኩላሊትና የጽኑ ሕክምና ክፍል ወዳለበት ሪፈራል ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

እርከን መዝለል በሌላም መንገድ ይጎዳል። ሪፈራል ሆስፒታሉ የማዋለጃ ክፍል ውስጥ ጤናማ ምጥ ላይ ያሉ እናቶች አልጋ ሲሞሉት፣ ከወረዳ የመጣችው የተንቀጠቀጠች እናት ወለል ላይ ትጠብቃለች። ድንገተኛ ሲሆን ግን ወረቀት ቅድመ ሁኔታ አይደለም። በጠና የታመመ ሰው በየትኛውም ደረጃ ወዳለ፣ በቅርብ ወደሚገኝ ተቋም ይግባ፤ ቅድመ ክፍያ ሳይጠየቅም መታየት አለበት። ጤና ጣቢያዎ በጦርነት ተዘርፎ ወይም መድኃኒት አልቆበት ከሆነ ወደ ቀጣዩ ተቋም በቀጥታ ይሂዱ።

ስድስት፦ መንገዱና መቀበያው

5 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሡ። አብራት አዋላጅ ነርሷ ወጣች። ባለሙያ ያላጀበው ጉዞ ማጓጓዝ ነው እንጂ ሕክምና አይደለም፤ ይሁንና አንድ አዋላጅ ብቻ ያለው ጤና ጣቢያ ሌላ ምጥ ላይ ያለች እናት ትቶ መላክ እንደሚከብደው መረዳት ይገባል። ይህ ችግር በአዋላጇ ትከሻ ላይ የሚጣል አይደለም፤ ተጨማሪ ሰው መመደብ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። የመንገዱ መበላሸትም፣ የነዳጅ እጥረቱም ከጤና ዘርፍ ውጪ ያሉ መሥሪያ ቤቶችን እጅ ይጠብቃል። የዘርፎች ቅንጅት የሚባለው በዚህች መኪና ውስጥ ሲታይ ይህን ይመስላል።

ቤተሰብ ይዞ መሄድ ያለበት የክትትል ካርዱን፣ የሪፈር ወረቀቱን፣ የጤና መድን ደብተሩን፣ ለእናትና ለሕፃን ልብስ እና ቀደም ብለው ከተመረጡት ደም ሰጪዎች አንዱን ነው። የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በመንግሥት ጤና ተቋም ከክፍያ ነፃ ነው። በተግባር ግን መድኃኒት አልቆ ከውጭ ግዙ የሚባልበት ጊዜ አለ፤ ያኔ የሚገዛው ነገር በጽሑፍ ይሰጥዎት ዘንድ ይጠይቁ። ፍትሐዊነት የሚፈተነው ገንዘብ ያልያዘው ባል ይህን ወረቀት ሲቀበል ነው።

6 ሰዓት ከ50 ላይ ሆስፒታል ደረሱ። አስቀድሞ ስለተደወለ የሪፈር ተቀባዩ ባለሙያ በቀጥታ ወደ ማዋለጃ ክፍል ወሰዳት። ካርድ ማውጣቱ በዘመድ እየተሠራ ሕክምናው ሊጀመር ይገባል። ደም ተወስዶ የደም ማርጊያ ሕዋሳት ቁጥር፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ተላከ። 8 ሰዓት ከ40 ላይ፣ የጉልበቷ ምላሽ፣ ትንፋሿና ሽንቷ ታይቶ፣ ተከታዩ ማግኒዚየም ተሰጠ። ምጥ ማስጀመሪያው አልሠራ ሲል ማታ በቀዶ ጥገና 2.3 ኪሎ የምትመዝን ሴት ልጅ ተወለደች።

ሰባት፦ ወደ ታች የሚመለሰው ወረቀት

አብዛኛው ቤተሰብ ጉዳዩ እዚህ ያበቃ ይመስለዋል። ሕመሙ ግን ልጅ ተወለደ ብሎ ወዲያው አይቆምም። መንቀጥቀጥ ከወሊድ በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ማግኒዚየሙ ከወለደች በኋላ፣ ወይም የመጨረሻው መንቀጥቀጥ ካቆመ በኋላ፣ ከሁለቱ ከዘገየው ተቆጥሮ ለ24 ሰዓት ይቀጥላል። ደም ግፊቱም ከወሊድ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን እንደገና ከፍ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ብዙዋ እናት ቤቷ ገብታ ገንፎ እየበላች ነው። ራስ ምታቱ ሲመጣ «የወሊድ ድካም» ይባላል።

ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጣ የግብረ መልስ ወረቀት መያዝ አለባት። በወረቀቱ ላይ ምን እንደተደረገላት፣ ስትወጣ ደም ግፊቷ ስንት እንደነበር፣ የትኛውን ክኒን ለስንት ቀን እንደምትወስድና መቼ መለካት እንዳለባት መጻፍ አለበት። ወረቀቱ ለጤና ጣቢያው፣ ከዚያም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይደርሳል፤ እሷም በቤተሰቡ ማኅደር ውስጥ ታስቀምጠውና ቤት ድረስ ሄዳ ትለካለች። የክርስትና ቀን እስኪደርስ መጠበቅ ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት ነው መሄድ ያለባት። ከዚያ በሁለተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ይለካል።

ከሥርዓቱ ደካማው ክር ይህ ነው። ወደ ላይ የሚሄደው ወረቀት ሕመምተኛዋ አብራው ስለምትሄድ ይደርሳል፤ ወደ ታች የሚመለሰውን የሚጠይቅ የለም። የጤና ጣቢያ ኃላፊ ከሆኑ በወሩ የላኳቸውን እናቶች ብዛትና የተመለሰልዎትን ግብረ መልስ ብዛት ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ያልተመለሰላቸውን ለማወቅም ለሆስፒታሉ የሪፈር ክፍል በስም ይደውሉ። አዋላጇ የላከቻት እናት እንዴት እንደሆነች ካላወቀች ማግኒዚየሙን በትክክል መስጠቷንም አታውቅም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ታመነታለች። ግብረ መልሱ የሥልጠና ወረቀትም ነው።

በመጨረሻ፣ ከስድስት ሳምንት ቀጠሮ በፊት አንድ ነገር በጉልህ በካርዷና በማኅደሯ ላይ መጻፍ አለበት፤ «በመጀመሪያ እርግዝናዋ ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ነበረባት»። ይህች እናት ዳግም ስታረግዝ በሽታው የመመለስ ዕድሉ ከሌሎች እናቶች ከፍ ያለ ነው። ለመከላከል የሚሰጠው አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን፣ በቀን 75 ሚሊ ግራም፣ ከ20ኛው ሳምንት በፊት መጀመር አለበት፤ ስለዚህ ማኅደሩን የያዘችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የወር አበባዋ መቅረቱን እንደሰማች ወደ ጤና ጣቢያ ትልካታለች። እስከዚያው ሰውነቷ እንዲያገግም የእርግዝና መከላከያውን ጉዳይ በስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ላይ ከባሏ ጋር አብረው ይነጋገሩ።